ስምንት ይቅርታ ለሦስት ደረሰኝ
(ስለ ጀማሪ ሠራተኛ ኢሜይል የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ንግግር ከአንድ ኢሜይል አይወጣም። ኢሜይሉ ለምሳሌ ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ቢሮ የሠራ ሰው ግን አይቶት ያውቃል፣ ምናልባትም ጽፎት ያውቃል። ሥራ ከጀመረች ስድስት ወር ያልሞላት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ለሽያጭ ክፍል ኃላፊው ላከችው እንበል። ስማቸውን እገሌና እገሊት ብለነዋል። ርዕሱ «ይቅርታ፣ ስለ ደረሰኝ» ይላል። ውስጡ ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣ እንደምን አሉ? በቅድሚያ በሥራ መካከል ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ፤ ጊዜዎን መሻማት አልፈልግም ነበር። ምናልባት እኔ ሳላየው ቀርቼ ሊሆን ይችላል እንጂ ከየካቲት ወር የነዳጅ ደረሰኞች አንዳንዶቹ ያልደረሱኝ ይመስለኛል። ድፍረት አይሁንብኝና ካላስቸገርኩዎት ጊዜ ሲያገኙ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ካልተመቸዎትም ችግር የለውም። በድጋሚ ስላስቸገርኩዎት ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ እገሊት።»

አሁን እንቁጠር። ርዕሱ ላይ አንድ፣ «በቅድሚያ» ያለው ሁለት፣ «ጊዜዎን መሻማት» ሦስት፣ «ሳላየው ቀርቼ» አራት፣ «ድፍረት አይሁንብኝና» አምስት፣ «ካላስቸገርኩዎት» ስድስት፣ «ካልተመቸዎትም» ሰባት፣ መዝጊያው ስምንት። ስምንት ጊዜ ይቅርታ ተጠየቀ፤ ጥፋት ግን የለም። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ደረሰኝ መሰብሰብ የተቀጠረችበት ሥራ ነው።

ኃላፊው ይህን በሁለት ስብሰባ መካከል በስልኩ ሲያነብ የሚያገኘውን እንይ። ስንት ደረሰኝ እንደጎደለ አያውቅም። የየትኛው ቀን እንደሆነ አያውቅም። መቼ እንደሚፈለግ አያውቅም። እንዲያውም መጉደሉንም በእርግጠኝነት አልተነገረውም፤ «ይመስለኛል» ነው የተባለው። በመጨረሻም «ካልተመቸዎትም ችግር የለውም» የሚል ፈቃድ ተሰጥቶታል። ይህ ደግሞ እውነት አይደለም፤ ደረሰኙ ካልመጣ ወሩ አይዘጋም። ሰውየው ግን ቃሏን አምኖ ኢሜይሉን ይዘጋና ይረሳዋል፤ እሷም እንደተናቀች ይሰማታል። ከስምንቱ ሁሉ የከፋችው ይቺ ሰባተኛዋ ናት፤ ትሕትና መስላ መረጃውን ትገለብጣለችና።

ልጅቷ ይህን የምትጽፈው ፈሪ ስለሆነች ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ እንደዚያ አናየውም። አማርኛችን ውስጥ «ይቅርታ» ከበደል ጋር ያልተያያዘ ሌላ ሥራም አለው፦ በር ማንኳኳት ነው። የሰው ቢሮ ስንገባ «ይቅርታ፣ ይቻላል?» እንላለን፤ ታክሲ ውስጥ ለማለፍ «ይቅርታ» እንላለን፤ ያልሰማነው ነገር ሲኖር «ይቅርታ?» እንላለን። ጀማሪዋ ሠራተኛ የበሩን ይቅርታ ወደ ኢሜይል ይዛው ገባች። ኢሜይል ላይ ግን የማንኳኳቱን ሥራ ርዕሱና «ጤና ይስጥልኝ» ጨርሰውታል። ተቀባዩ ሲመቸው ነው የሚከፍተው፤ ከሥራው ያስነሳው ሰው የለም። ከገቡ በኋላ ደጋግሞ ማንኳኳት ነው የሆነው።

ስለዚህ ኢሜይሉን ስናርም የመጀመሪያው ሥራ እያንዳንዱን ይቅርታ ይዞ «የተበላሸ ነገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የተበላሸ ነገር ካለ ይቆያል፤ ወደዚያ እንመለሳለን። ከሌለ ይወጣል። ሲወጣ ግን ይሠራው የነበረው ሥራ ባዶውን እንዳይቀር ማየት ያስፈልጋል። «ጊዜዎን መሻማት አልፈልግም ነበር» የምትለው ዓረፍተ ነገር ስለ ጊዜው መጨነቋን ለማሳየት የገባች ናት። ዓረፍተ ነገሯ ብትወጣም ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ሥራውን በማቅለል ይታይ። «ምናልባት ሳላየው ቀርቼ» የምትለዋ ደግሞ እርግጠኛ አለመሆኗን ለመናገር ናት። እሷ የምትወጣው ልጅቷ ፋይሉን አንድ ጊዜ ደግማ ስታገላብጥ ነው። ከአሥራ አንድ ደረሰኝ ስምንቱ እጇ ላይ ካለ፣ ሦስቱ ጎድለዋል፤ «ይመስለኛል» ምንም አይጨምርላትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልናሳያችሁ። ይቅርታ አታብዢ የተባለች ልጅ በማግስቱ የምትጽፈው ብዙ ጊዜ ይህንን ይመስላል፦

«አቶ እገሌ፣ የየካቲት ወር ሦስት የነዳጅ ደረሰኞች አልላኩልንም። እስከ ሐሙስ ይላኩ። ሒሳብ መዝጋት አለብን።»

መረጃው ሁሉ አለ። ግን ይህን የሚያነብ ሰው ፊቱ ይለወጣል፤ «ማን ሆና ነው?» ይላል። ቅዝቃዜው ከየት መጣ? ይቅርታው ስለወጣ ነው እንዳትሉ። አብረው የወጡ ሌሎች ነገሮች አሉ፤ እነሱን በቅርብ እንያቸው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ለጂሜይል «ጀስት ኖት ሶሪ» የምትባል የክሮም ማሰሻ ተጨማሪ ፕሮግራም ወጥታ ነበር። እንግሊዝኛ ስትጽፉ ይቅርታ የሚሉና አነጋገርን የሚያላሉ ቃላትን እየፈለገች ታሰምርባቸዋለች፤ እናንተ ታወጧቸዋላችሁ። አማርኛ ላይ ይህ ዘዴ ሩቅ አይወስድም። ከላይ ያለውን ኢሜይል ከፍታችሁ Ctrl+F ተጭናችሁ «ይቅርታ» ብላችሁ ብትፈልጉ ከስምንቱ ሦስቱን ብቻ ነው የምታገኙት። የቀሩት ግስ ውስጥ ተደብቀዋል። በዚያው ልክ አክብሮታችንም ያለው ግስ ውስጥ ነው። ልጅቷ ይቅርታውን ስታወጣ ግሱንም ነካካችው፤ ቅዝቃዜው የመጣው ከዚያ ነው።

«ይላኩ» እና «ይላኩልኝ» የሚለውን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም በእርስዎታ የተነገሩ ናቸው፣ ሁለቱም ጨዋ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ መመሪያ ይመስላል። «ልኝ» ስትጨመር ጉዳዩ በሁለት ሰዎች መካከል ይሆናል፤ ለእኔ ብለው ያድርጉት ማለት ናት። ሁለት ፊደል ናት፤ ሙሉ የይቅርታ ዓረፍተ ነገር የማይሠራውን ትሠራለች። ጀማሪዎች ኮስተር ብለው መጻፍ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚጥሏት እሷን ነው።

ከዚያ «ቢ» አለች። «ቢልኩልኝ» ያልተጨረሰ ነገር ናት፤ አንድ ነገር ትጠብቃለች፦ ቢልኩልኝ ምን? ጀማሪው ባዶውን «ደስ ይለኛል» ወይም «ውለታዎ አለብኝ» በማለት ይሞላዋል። እንዲህ ሲሆን ደረሰኙ የግል ስጦታ ይመስላል። ባዶውን በሥራው ውጤት ሙሉት፦ «እስከ ሐሙስ ቢልኩልኝ ዓርብ ጠዋት ወሩን እዘጋለሁ።» አሁን ልመናው፣ ቀኑና ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገቡ፤ ትእዛዝ ግን የለበትም። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ መሄድ ካለባችሁ ይቺን ያዙ። አለቃ ለበታቹ፣ እኩያ ለእኩያው፣ ታናሽ ለታላቁ ቢጽፋት ታስኬዳለች።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። «ሊልኩልኝ ይችላሉ?» ጥያቄ ስለሆነ እምቢ ማለትን ይፈቅዳል፤ በእርግጥ እምቢ ሊባል ለሚችል ነገር ተጠቀሙበት። «እንዲልኩልን በትሕትና እጠይቃለሁ» ማኅተም ለሚያርፍበት ደብዳቤ የተሠራ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላለ ሰው በኢሜይል ሲላክ ልጅቷ ክስ ልትመሠርት የተዘጋጀች ትመስላለች። «መላክ ይኖርብዎታል» እና «እንዲላክ ይደረግ» ግን ለጀማሪ ሠራተኛ አይሆኑም። በአለቃ አፍም ቢሆኑ ደስ አይሉም።

ወደ ቀዝቃዛው ኢሜይል እንመለስ። «አልላኩልንም» ትላለች። የግሱ ባለቤት ሰውየው ነው፤ ጥፋተኛ ሆኖ ቆሟል። ይህንኑ «ሦስቱ አልደረሱኝም» ብትለው ባለቤቱ ደረሰኙ ይሆናል። መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፣ ሾፌሩ ጋ ይሆናል፤ ማንም አልተከሰሰም። ሐቁ አንድ ነው፣ የተቀየረው የግሱ ባለቤት ብቻ ነው። አሁንም ለስለስ እንዲል ከፈለጋችሁ የደረሰውን አስቀድሙ፦ ስምንቱ ደርሰውኛል፣ ሦስቱ ይቀራሉ። ሰውየው ሥራውን አብዛኛውን እንደሠራ ታውቆለት ነው የቀረውን የሚሰማው።

«ሒሳብ መዝጋት አለብን» የሚለውም ምክንያት ይመስላል እንጂ አይደለም። ማንም ወሩ መዘጋት እንዳለበት ያውቃል። ቀን ያለ ምክንያት ሲጻፍ ያስገድዳል፤ ቀኑን ከሚከተለው ሥራ ጋር ስታያይዙት ያስረዳል። ሐሙስ የተባለው ዓርብ ስለሚዘጋ ነው፤ ይኸው ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በነገራችን ላይ ሰዓት ስትጽፉ «ከቀኑ 10 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያስብ ባልደረባ ካለ «10 ሰዓት» ብቻውን የስድስት ሰዓት ልዩነት ያመጣባችኋል፤ ያን ጊዜ እውነተኛ ይቅርታ ትፈልጋላችሁ።

እንግዲህ የታረመው ይህ ነው። ርዕሱ «የየካቲት ነዳጅ፦ 3 ደረሰኞች እስከ ሐሙስ»።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣ የየካቲትን የነዳጅ ወጪ እየመዘገብኩ ነው። ከአሥራ አንዱ ደረሰኞች ስምንቱ ደርሰውኛል፤ የ5፣ የ12 እና የ19 ቀኖቹ ይቀራሉ። እስከ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ቢልኩልኝ ዓርብ ጠዋት ወሩን እዘጋለሁ። ለጊዜው በስልክ ፎቶ አንሥተው ቢልኩልኝም ይበቃል፤ ዋናዎቹን እኔ ቢሮዎ መጥቼ እወስዳለሁ። የጠፋ ካለም ቢነግሩኝ ምን እንደሚደረግ ከኃላፊዬ ጋር አያለሁ። አመሰግናለሁ። እገሊት፣ ሒሳብ ክፍል።»

አንድም ይቅርታ የለበትም። ቀዝቃዛ ነው? አይመስለንም። ምክንያቱም የይቅርታው ቦታ ባዶ አልቀረም። «ጊዜዎን መሻማት አልፈልግም» የተባለው ወደ «በስልክ ፎቶ» ተለወጠ፤ ሰውየው ስካነር ፍለጋ አይነሣም። «ስላስቸገርኩዎት» የተባለው «መጥቼ እወስዳለሁ» ሆነ፤ ታናሽ ወደ ታላቅ ቢሮ ትሄዳለች፣ ይህም በእኛ ወግ አክብሮት ነው። «ካልተመቸዎትም ችግር የለውም» በ«የጠፋ ካለም ቢነግሩኝ» ተተካ፤ ሰውየው ፊቱ ሳይቀላ «ጠፍቶብኛል» የሚልበት በር ተከፈተለት። ደረሰኝ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ስለጠፋ ነውና ይቺ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይልቅ መልስ ታመጣለች።

ይህ የመጀመሪያው መልእክት ነው። መልስ ሳይመጣ ሲቀር ነው ይቅርታው በእጥፍ የሚመለሰው፦ «በድጋሚ ስለረበሽኩዎት በጣም ይቅርታ»። ረቡዕ ጠዋት ድረስ ዝም ከተባለች በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ መልስ ብላ አጠር ያለ ነገር ትጻፍ፦ «ሰኞ የጻፍኩልዎት የሦስቱን ደረሰኞች ጉዳይ ነበር። የ12 ቀኑን ከሾፌሩ አግኝቻለሁ፤ የ5 እና የ19 ቀኖቹ ይቀራሉ። ነገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ቢሮዎ ብመጣ ይመችዎታል?» ሁለተኛው መልእክት አዲስ ነገር ይዞ መሄድ አለበት። ሦስት ወደ ሁለት ወርዷል፣ እሷም ራሷ እየተንቀሳቀሰች ነው። አዲስ ነገር የሌለው ማስታወሻ ምንም ያህል ይቅርታ ቢደረብበት ንዝንዝ ነው። «እስካሁን መልስ አልሰጡኝም» የሚለውንም ተዉት፤ አለመመለሱን እሱም ያውቃል። አለቃዋን ግልባጭ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ከየትኛውም ቃል በላይ ይቀዘቅዛል፤ ከሐሙስ በፊት አይደረግም፣ ከሐሙስ በኋላም አለቃዋን አማክራ ነው።

ስለ እውነተኛው ይቅርታ እንመለሳለን ብለን ነበር። ጥፋት ሲኖር ይቅርታው አንድ ጊዜ፣ ጥፋቱ በስሙ ተጠርቶ፣ ማካካሻው ተከትሎት ይጻፋል፦ «ሪፖርቱን ትናንት ማድረስ ነበረብኝ፤ አላደረስኩም፣ ይቅርታ። ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይደርስዎታል።» መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ፣ ታክሲ ጠፍቶ የሚለው ዝርዝር ሲጨመር ይቅርታው ሰበብ ይሆናል። ከተጠየቀች ትናገረው። እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው የመጣ አንድ ምክር አለ፦ «ስለዘገየሁ ይቅርታ» በማለት ፋንታ «ስለጠበቁኝ አመሰግናለሁ» በሉ ይላል። እኛ ዘንድ አይሠራም ባይ ነን። አምስት ደቂቃ ለጠበቀ ሰው ይሁን፤ ሦስት ቀን ያስጠበቁትን ሰው «ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ» ቢሉት ታግሻለሁ ያልኩት መቼ ነው ይላል። ያጠፋ ሰው ይቅርታ ይበል። አላስፈላጊዎቹን የምናወጣቸው አንዱም ምክንያት ይህ ነው፤ በየቀኑ ስምንት ጊዜ ይቅርታ የምትል ልጅ ያጠፋች ቀን የምትለው ቃል አይተርፋትም።

ከባዱ ጉዳይ የአለቃን ስሕተት መጠቆም ነው። እዚህ ላይ «ምናልባት እኔ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ድፍረት አይሁንብኝና…» የሚለው ሦስት መስመር ይሄድና ስሕተቱ ራሱ ሳይታይ ይቀራል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ መጠየቅ ይበቃል፦ «ገጽ 4 ላይ 48,500 ብር ይላል፤ ደረሰኙ ላይ 45,800 ነው። የትኛውን ልያዝ?» ማንም ተሳሳትክ አልተባለም። «ልያዝ?» የምትለው ቃል ውሳኔውን ለአለቃው ትታለች፤ የአለቅነቱን ቦታ ያወቀችለት እዚያ ላይ ነው። ሁለቱ አኃዞች ቦታ መለዋወጣቸውን አይቶ ራሱ ያርመዋል።

ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። በዕድሜ እጅግ ለሚበልጥ ሰው የሚላክ የመጀመሪያ መልእክት ላይ አንድ «ባላስቸግርዎ» ብትቀር አትጎዳም፤ አንድ ናት፣ መጀመሪያ ላይ ናት፣ ከእሷ በኋላ ጉዳዩ ይቀጥላል። ሐዘን ላይ ላለ ሰው የሥራ ጉዳይ መጻፍ የግድ ከሆነ ይቅርታው በእርግጥ ተገቢ ነው። ምሽት ላይ በቴሌግራም የሚላክ ጥያቄም እንዲሁ፤ እዚያ በእርግጥ ቤቱን አንኳኩታችኋል።

የመጨረሻው ለእናንተ፣ የጀማሪ ሠራተኛ ኢሜይል እያያችሁ ለምታርሙት ነው። ስምንቱንም በቀይ አታስምሩባት። እንደዚያ ካደረጋችሁ የሚመጣላችሁ ከላይ ያያችሁት ቀዝቃዛው ኢሜይል ነው፤ ወይም «ይቅርታ ስላበዛሁ ይቅርታ» የሚል መልስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አሳዩ፦ ርዕሱን፣ እና «ካልተመቸዎትም ችግር የለውም» የሚለውን። ርዕሱ ላይ ጉዳዩና ቀኑ ከገባ ከስምንቱ አንዱ በራሱ ጊዜ ይወጣል፤ ሁለተኛው ከወጣ ኢሜይሉ መዋሸት ያቆማል። በሁለተኛው ሳምንት «ቢልኩልኝ» የምትለዋን በምን እንደምትሞላት አብራችሁ እዩ። «ጤና ይስጥልኝ»ንና «አመሰግናለሁ»ን አትንኩባት። እናንተም ስትመልሱላት «እሺ» ከማለት «እሺ፣ ሐሙስ ይደርስሻል» በሏት፤ ኢሜይሏ ግልጽ ሲሆን መልሱም ግልጽ እንደሚሆን ከዚያ ታየዋለች።